«ሐረጓን ብቻ አውጫት»፦ ከቃለ መጠይቅ በኋላ ስለሚላክ ኢሜይል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐሙስ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነበር። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ የምትኖር ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ዓረፍተ ነገር ላከችልኝ። ከሥሩ «ልላከው? ፈራሁ» ብላ ጽፋለች። እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦

«አይዞሽ የኔ እናት፣ ዓረፍተ ነገሩ ደህና ነው። "በአንድ ሳምንት ውስጥ ይነገርሻል ተብዬ እስካሁን ምንም ስላልተነገረኝ" የምትለዋን ሐረግ ብቻ አውጫት። ሌላውን እንዳትነኪው። ነገ ጠዋት ላኪው።»

ከዚያ ወዲህ ይህን መልእክት በእሷ ፈቃድ ለሌሎች ሥራ ፈላጊዎች አሳይቻለሁ። የሚያነሱት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ሰበሰብኩት። እኔ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ሠርቻለሁ። እንዲህ ያሉ ኢሜይሎች የሚደርሱት እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የምመልሰውም ከዚያ ወንበር ሆኜ ያየሁትን ይዤ ነው።

ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ምን ይላል?

እንዲህ ይላል፦

«መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ቃለ መጠይቅ ያደረግሁ መሆኔን እየገለጽሁ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይነገርሻል ተብዬ እስካሁን ምንም ስላልተነገረኝ፣ የምርጫው ሂደት ያለበትን ደረጃ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

በሁለት ነጠላ ሰረዝ ለሦስት ተከፍሏል። የመጀመሪያው ክፍል ማን እንደሆነች ያስታውሳል፤ ቀኑንም መደቡንም ይዟል። የመጨረሻው የምትፈልገውን ይጠይቃል። ሁለቱም ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ። ችግሩ ያለው በመካከላቸው ባለችው ላይ ነው።

ሐረጓ ምኗ ነው ስህተቱ? ሰዋስው ነው?

ሰዋስዋ ልክ ነው። አንድ የአማርኛ መምህር ቢያርማት በቀይ የሚያሰምርባት ነገር የለም። ለዚህም ነው ጓደኛዬ ደጋግማ አንብባ ያልያዘቻት። የሆነ ነገር እንደከበዳት ይሰማታል፤ ግን ስህተት ስትፈልግ ስህተት አታገኝም።

ክብደቱ ያለው «ተብዬ» ላይ ነው። ይህን ቃል በየቀኑ የምንሰማው ምን ላይ እንደሆነ አስቡት። «ቅዳሜ ና ተብዬ ብሄድ ዝግ ነው።» «አምስት ሰዓት ይመጣል ተብዬ ስጠብቅ ዋልኩ።» የአማርኛ ተናጋሪ «ተብዬ» ሲሰማ ቀጥሎ የሚመጣው ቅሬታ መሆኑን ገና ሳይነገረው ያውቃል። በዚያ ላይ ቃሉ ሌላም አገልግሎት አለው። «ሐኪም ተብዬው»፣ «ባለሙያ ተብዬው» ስንል ሰውየውን ማንቋሸሻችን ነው። ጓደኛዬ ይህን ማለቷ አልነበረም። ሆኖም ያ ጥላ ከቃሉ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ «እስካሁን ምንም» አለ። «እስካሁን» ብቻውን ቢሆን የጊዜ ቃል ነው፤ «ምንም» ሲጨመርበት ግን ስሞታ ይሆናል። «አልተነገረኝም» እና «እስካሁን ምንም አልተነገረኝም» የሚሉትን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ሁለተኛው ላይ ድምፃችሁ ከፍ ይላል።

ሦስተኛው «ስላል» ነው። «ስላልተነገረኝ እጠይቃለሁ» ሲባል ጥያቄው የመጣው በሌላ ሰው ጥፋት ምክንያት ነው ማለት ይሆናል። የጥፋቱ ባለቤት በስም አልተጠራም፤ ግን ኢሜይሉን ከፍቶ የሚያነበው እሱ ራሱ ነው።

በመጨረሻ የቦታዋ ነገር አለ። ብዙዎችን የሚያስገርማቸው ይህ ነው። በአማርኛ ዋናው ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «በአክብሮት እጠይቃለሁ» የሚለው እስኪደርስ አንባቢው ምን እንደተፈለገበት አያውቅም። መጀመሪያ የሚያገኘው ቅሬታውን ነው፤ አክብሮቱ ጋ የሚደርሰው ፊቱ ከተለዋወጠ በኋላ ነው። ጓደኛዬ አክብሮቷን በሙሉ መጨረሻ ላይ አስቀምጣ ነበር። አክብሮቱ እዚያ መሆኑ ልክ ነው። ግን ከፊቱ የቆመው ነገር ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ ዘጋበት።

ግን እውነት ነው እኮ። በአንድ ሳምንት እንነግርሻለን ብለው አልነገሯትም። እውነቱን ለምን ትደብቃለች?

መደበቅ የለባትም። ሳምንቱ ማለፉ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ለምን ዛሬ እንደምትጽፍ የሚያስረዳው እሱ ነው። መውጣት ያለበት አባባሉ ነው። መረጃው ይቆያል።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እኔ በነበርኩበት ክፍል እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲመጣ መልሱ ብዙ ጊዜ እኔ ጋ አይገኝም ነበር። ውጤቱ ፋይናንስ ክፍል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወይም የሥራ አስኪያጁን ፊርማ ይጠብቃል። ስለዚህ ቀላሉ መንገድ ኢሜይሉን እንዳለ ወደ ኃላፊው ማስተላለፍና ከላዩ «ምን እንበላቸው?» ብሎ መጻፍ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

«ተብዬ ምንም ስላልተነገረኝ» የሚል ኢሜይል ግን እንደዚያ አይተላለፍም። ካስተላለፍኩት ቃል ገብቼ ያላሟላሁ ሰው መሆኔን ለአለቃዬ በእጄ ማቅረቤ ነው። ስለዚህ በሌላ ወረቀት ጉዳዩን አዲስ አድርጌ መጻፍ ወይም ኃላፊውን በአካል ማግኘት አለብኝ። ሥራ ሲበዛ ደግሞ «ነገ አየዋለሁ» ይባልና እዚያው ይቀራል። አመልካቿን የሚጠላት ሰው አልነበረም። ኢሜይሏ የሚሄድበት መንገድ ነው የጠፋው። እኔም እንዲህ ያሳደርኳቸው ኢሜይሎች ነበሩ። ዛሬ ሳስባቸው ያሳዝኑኛል።

እሺ፣ በምን ትተካ?

መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ አንብቡት፦

«መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ቃለ መጠይቅ ያደረግሁ መሆኔን እየገለጽሁ፣ የምርጫው ሂደት ያለበትን ደረጃ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ይቆማል። ምንም አልጎደለውም። ቀኑ ስላለ ሳምንቱ ማለፉን አንባቢው ራሱ ይቆጥረዋል። ሐሙስ ማታ ለጓደኛዬ የመከርኳት ይህንን ነው። በፍጥነትም የሚሆነው እሱ ነው።

ጊዜውን መጥቀስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ እንዲህ ሊለው ይችላል፦

«…ቃለ መጠይቅ ያደረግሁ መሆኔን እየገለጽሁ፣ በዕለቱ የተጠቀሰው የአንድ ሳምንት ጊዜ በመጠናቀቁ፣ የምርጫው ሂደት ያለበትን ደረጃ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

መረጃው ያው ነው። የተጠናቀቀው ግን ጊዜው ነው፤ ጊዜ ደግሞ በራሱ ይጠናቀቃል፣ ማንም አያጠፋበትም። «ስላል» ጠፍቶ «በመጠናቀቁ» መጥቷል። «ይነገርሻል» የሚለውም አብሮ ወጥቷል። ይህ ቃል ሌላ እንከን ነበረው። በቃለ መጠይቁ ዕለት «እናሳውቅዎታለን» ያላት ሰው፣ ኢሜይሉ ላይ «አንቺ» ብሎ እንደተናገራት ሆኖ ይታያል።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ እዩ። ሐረግ ስልክ ላይ ሲቆረጥ ነጠላ ሰረዙ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ጓደኛዬ ቆርጣ መልሳ የላከችልኝ «እየገለጽሁ፣ ፣ የምርጫው ሂደት» የሚል ነበር። ሁለት ሰረዝ ጎን ለጎን ሲቆም አንባቢው እዚያ ጋ የሆነ ነገር እንደነበረና እንደወጣ ያውቃል።

ሳምንቱ በእርግጥ አልፏል?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ቢጠይቀው ደስ ይለኛል። ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ መጋቢት 9 ነበር። «አንድ ሳምንት» ከተባለ ማክሰኞ መጋቢት 16 ያበቃል። ሐሙስ 18 መጠየቅ አግባብ ነው። የተባለው «7 የሥራ ቀናት» ቢሆን ኖሮ ግን ቆጠራው ይለያል። ከረቡዕ 10 ጀምራችሁ፣ ቅዳሜና እሑድን ዘልላችሁ ብትቆጥሩ ሰባተኛው ቀን ራሱ ሐሙስ 18 ነው። ያን ዕለት «ጊዜው በመጠናቀቁ» ብላ ብትልክ ትክክል ባልሆነች ነበር። ማስታወቂያዎች ላይ «የሥራ ቀናት» የሚለው የተለመደ ስለሆነ የተነገራችሁን በትክክል አስታውሱ። ካላስታወሳችሁ ሐረጉን ጨርሶ አውጡት።

ሌላውስ? «ያደረግሁ መሆኔን እየገለጽሁ» አይከብድም?

ይከብዳል። እኔ ብሆን «ማድረጌን እየገለጽሁ» እላለሁ። ግን ሳልነግራት ቀረሁ። ሆን ብዬ ነው።

አንድ ሰው ማታ «ፈራሁ» ብሎ ሲጽፍ የሚያስፈልገው መላክ የሚችል ኢሜይል ነው። «ያደረግሁ መሆኔን» የደብዳቤ ቤት አማርኛ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። ከአንድ እውነተኛ ችግር አጠገብ ሁለት የምርጫ ጉዳይ ብደረድር ሦስቱም እኩል ክብደት ይኖራቸዋል። እሷም ዋናዋን ሐረግ ትታ ሌላውን ስታስተካክል ታድራለች።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው። ከእሷ በፊት ለአንድ ወንድሜ እንደምለው ልጅ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ብቻ አስተካክለው» ብዬ ላኩለት። የቱን እንደሆነ አልነገርኩትም። ሙሉውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጻፈው። ጥሩ የነበረው መግቢያው ጠፋ፤ መውጣት የነበረበት ግን ሦስቱም ላይ ቆየ። በመጨረሻ ሳይልከው ቀረ።

ታዲያ ጓደኛ እንዲህ ያለውን መልእክት እንዴት ይጻፍ?

ፍርዱን አስቀድሙ። «ዓረፍተ ነገሩ ደህና ነው» የሚለው መጀመሪያ መምጣት አለበት፤ ሰውየው የሚጠብቀው እሱን ነውና። ከዚያ ሐረጓን ቃል በቃል ጥቀሱ። «መካከሉ ላይ ያለው» ወይም «ያ ነገር» አይበቃም። ቴሌግራም ላይ ከመልእክቱ ውስጥ ያንን ክፍል ብቻ መርጦ ጠቅሶ መመለስ ይቻላል፤ እኔ ያደረግኩት እንደዚያ ነው። ከዚያ ምን እንደሚደረግ አንድ ግሥ፦ «አውጫት»። ቀጥሎ ደግሞ ሌላው እንዳይነካ መናገር ያስፈልጋል። ለእኔ ከመልእክቱ ውስጥ ትልቁ ቦታ ያላት «እንዳትነኪው» ናት። ሰው ተደናግጦ ሳለ መቀስ ከያዘ አንድ ቦታ ላይ አያቆምም።

ምክንያቱን በዚያው መልእክት አላስገባሁትም። በማግስቱ ስንገናኝ ሐይቁ ዳር ሻይ ስንጠጣ ነገርኳት።

በድምፅ መልእክት ባትልኩት ይሻላል። ድምፅ ያጽናናል፤ ግን ኮፒ አይደረግም። ሰምቶ የሚጽፍ ሰው «በመጠናቀቁ»ን «ስለተጠናቀቀ» አድርጎ ይጽፋል፤ አንዳንዴም የራሱን ይጨምራል።

«እንዲያሳውቁኝ» ነው ወይስ «ቢያሳውቁኝ»?

ሁለቱም ይሆናሉ፤ የየራሳቸው ማሰሪያ ግን አላቸው። «እንዲያሳውቁኝ» ከ«እጠይቃለሁ» ጋር ይሄዳል። «ቢያሳውቁኝ» ከ«ደስ ይለኛል» ወይም ከ«ምስጋናዬ የላቀ ነው» ጋር ይሄዳል። «ቢያሳውቁኝ እጠይቃለሁ» ግን አይገጥምም፤ ሲነበብ ያደናቅፋል። ጓደኛዬ ይህን በትክክል ነበር ያሰረችው።

«እርስዎ» ልበል ወይስ «እናንተ»?

ኢሜይሉ ለአንድ ኃላፊ ከሆነ «እርስዎ»፤ ለክፍሉ በጥቅሉ ከሆነ «እናንተ» ያስኬዳል። ግሡም አብሮ ይለወጣል፤ ለ«እርስዎ» «እንዲያሳውቁኝ»፣ ለ«እናንተ» «እንድታሳውቁኝ» ይባላል።

አስቀድሜ ልኬዋለሁ። ሐረጓም አለችበት። ምን ላድርግ?

አሁኑኑ ከሆነ የላካችሁት፣ ጂሜይል የተላከን መልእክት ለጥቂት ሰከንዶች ያቆየዋል። ኮምፒውተር ላይ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ጊዜውን እስከ 30 ሰከንድ ማራዘም ትችላላችሁ። ከዚያ ካለፈ ተዉት። «በቀደመው ኢሜይሌ የተጠቀምሁት አገላለጽ…» ብላችሁ ማስተካከያ እንዳትልኩ። ሐረጓ ስድብ አይደለችም፤ ተቀባዩን ትንሽ ታስከፋለች፣ መንገዱን ትንሽ ታከብዳለች። የማስተካከያ ደብዳቤ ግን ያላስተዋለውን ሰው ተመልሶ እንዲያነባት ያደርገዋል።

መልስ ካልመጣና ሁለተኛ ጊዜ መጻፍ ካለባችሁ ያኔ በለሰለሰው አድርጋችሁ ጻፉ። «መጋቢት 19 ቀን ለላክሁት ጥያቄ ምላሽ ባለማግኘቴ» በሉ። ይህም አሉታ አለው። ያላገኘሁት ግን እኔ ነኝ። «ምላሽ ስላልሰጣችሁኝ» ቢባል ያልሰጣችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። የመጨረሻው ከሁሉም የከበደው ነው፤ ከጓደኛዬም ሐረግ ይብሳል።

ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ከሆነስ?

እንግሊዝኛው ጥያቄውን አስቀድሞ ምክንያቱን ወደ ኋላ ማድረግ ስለሚፈቅድ፣ ቅሬታው እንደ አማርኛው ፊት ለፊት አይቆምም። ሆኖም ኢሜይሉን ለአለቃው የሚያስተላልፈው ሰው ያው ነው፤ እንደ ቅሬታ የሚነበበው ሐረግ እዚያም ይወጣል። ቀኑና የሥራ መደቡ ይቆያሉ።

መልስ መጣላት?

ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላከችው። ማክሰኞ መጋቢት 23 መልስ መጣ፤ ሁለት መስመር ነበር። ሂደቱ የኃላፊ ውሳኔ ላይ መሆኑንና እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚያሳውቋት ይገልጻል። ከሥሩ የፋይናንስ ኃላፊው ለሰው ኃይል ክፍሉ የጻፈው አጭር መልስ ሳይሰረዝ ተያይዞ ነበር፤ ከእሱም ሥር የእሷ ዓረፍተ ነገር እንዳለ አለ። መጋቢት 29 ደውለው ሌላ ሰው መመረጡን ነገሯት። ያን ዕለት ማታ ሌላ ማመልከቻ ላከችልኝና «የቷን ላውጣ?» አለችኝ። አንብቤው «ምንም አታውጪ፣ እንዳለ ላኪው» አልኳት።